1,200 ቤት ጠይቄ የ136 ቤት ያህል መረጃ ይዤ የተመለስኩበት ጥናት

ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ስንት በመቶው ቤተሰብ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ያገኛል? 30 የቆጠራ ቦታዎችን በዕጣ መረጥን። በእያንዳንዱ 40 ቤት አንኳኳን። ድምሩ 1,200 ቤት። ልክ ግማሹ «እናገኛለን» አለ። እኔም የስህተት ህዳጉን ±2.8 በመቶ ብዬ ጻፍኩ። ዘዴውን ደግሞ «ስትራቲፋይድ» አልኩት።

ረቂቁን ያነበበ ባልደረባዬ ሁለቱንም ከበበና አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «ካልተመረጡት ቦታዎች ሰው ጠይቃችኋል?» አልጠየቅንም። «እንግዲያው ክላስተር ነው» አለኝ።

እኔን ያሳሳተኝ ሁለቱም ሕዝቡን በቡድን መክፈላቸው ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በስትራቲፋይድ ናሙና ሁሉም ቡድን ውስጥ ትገባለህ፣ ከእያንዳንዱም ጥቂት ሰው ትወስዳለህ። በክላስተር ግን ዕጣ የሚወጣው ለቡድኖቹ ራሳቸው ነው፤ ዕጣ ያልደረሰው ቡድን ጨርሶ አይታይም። እኛ ክላስተር የመረጥነው ወደን አልነበረም። የቤቶች ዝርዝር የሚባል ነገር አልነበረንም፤ በእጃችን የነበረው የቆጠራ ቦታዎች ዝርዝር ብቻ ነው። ቤቶቹን የመዘገብነው እዚያው ከደረስን በኋላ ነው። የመኪናና የቀን ወጪውም ከዚህ ውጭ አያስኬድም ነበር።

የከፈልነው ዋጋ የታየኝ ቅጾቹን እንደገና ሳገላብጥ ነው። በአንዱ ቦታ ከ40ው ቤት 38ቱ «አዎ» ብለዋል። ሁሉም የሚቀዱት ከአንድ ቦኖ ነው። አምስተኛው ቤት ላይ ስንደርስ የቀሩትን 35 መልሶች ከሞላ ጎደል እናውቃቸው ነበር ማለት ነው።

ዳታውን እንደ ናሙናው አወቃቀር አድርጌ አር ላይ አስኬድኩት፦

```
library(survey)
d <- svydesign(ids = ~ea, weights = ~w, data = hh)
svymean(~water, d, deff = TRUE)
```

ዲዛይን ኢፌክቱ 8.8 መጣ። ይህ ማለት የግምቱ ቫሪያንስ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ቤቶች አንድ በአንድ በዕጣ ቢወጡ ከሚኖረው 8.8 እጥፍ ነው። 1,200ን ለ8.8 ስታካፍል 136 ይቀርሃል። ትክክለኛው ህዳግ ±8.4 ነበር።

ቀመሩ `1 + (m - 1) × ρ` ነው። m ከአንድ ቦታ የሚወሰደው ቤት ብዛት ነው። ρ ደግሞ የጎረቤታሞች መልስ ምን ያህል እንደሚመሳሰል ይለካል። ከ8.8 ተነስቼ ወደ ኋላ ሳሰላው ρ 0.2 ሆነ። እሱን መቀነስ አልችልም፤ ጎረቤት ውሃ ይጋራል። m ግን በእጄ ነው።

ለሁለተኛው ዙር የቤቱን ቁጥር ሳልነካ 60 ቦታ፣ በየቦታው 20 ቤት አደረግኩ። ዲዛይን ኢፌክቱ ወደ 4.8፣ ህዳጉም ወደ ±6.2 ይወርዳል። ጉዞው በእጥፍ ጨመረ፤ እኔ ግን ያዋጣል ባይ ነኝ።

ስትራቲፋይድ በትክክለኛ ቦታው የገባውም እዚህ ላይ ነው። የቆጠራ ቦታዎቹ ዝርዝር ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ከተማ» ወይም «ገጠር» ተብሎ ተጽፏል። በሁለቱ ያሉት ቤተሰቦች ቁጥር እኩል ነበር። በመጀመሪያው ዳታ ግን ከከተማው 65 በመቶ፣ ከገጠሩ 35 በመቶ ንጹሕ ውሃ ያገኛል። በቦታዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ግማሽ ያህሉ የዚህ የከተማና የገጠር ልዩነት ነው። ስለዚህ ዕጣውን ለየብቻ አወጣሁ፦ 30 ከከተማ፣ 30 ከገጠር። ከእንግዲህ ዕጣው በአጋጣሚ ወደ ከተማ ሊያደላ አይችልም፤ ያ የልዩነት ክፍል ከስህተቱ ይወጣል። ህዳጉ ወደ ±4.9 ወረደ። ይህ ያለ አንድ ተጨማሪ ቤት፣ ያለ አንድ ተጨማሪ ጉዞ የተገኘ ነው።

የሚገርመው፣ የቤቶች ዝርዝር ቢኖረንና 1,200ውን በቀጥታ በስትራታ ከፍለን ብናወጣ፣ ስትራታው የሚያተርፍልን ከ±2.8 ወደ ±2.7 ብቻ ነበር። በአንድ ስትራተም ውስጥ ያሉ ቤቶች መልስ እርስ በርስ አሁንም በጣም ይለያያላ። ቦታዎች ላይ ሲሆን ነው ጥቅሙ የጎላው።

ስሌቱ ላይ `strata = ~strata` መጨመር አይረሳ፤ ካልተጨመረ ያተረፍከው ትክክለኛነት በውጤቱ ላይ አይታይም። ስትራታውን አብዝተህ አንዱ ጋ አንድ ቦታ ብቻ ከቀረ ደግሞ አር `has only one PSU at stage 1` ብሎ ይቆማል። ከአንድ ቦታ ልዩነት አይሰላምና። እኔ በየስትራተሙ ቢያንስ ሁለት፣ ሰው ሳላገኝ የምመለስበት ቦታ ሊኖር ይችላል ብዬ ካሰብኩ ሦስት እመድባለሁ።

አንድ ዲዛይን ኢፌክት ለሁሉም ጥያቄ እንደማይሠራም ያየሁት እዚያው ዳታ ላይ ነው። በአንድ ቤት ስንት ሰው ይኖራል ለሚለው ጥያቄ ρ 0.02 ነበር። በ40 ቤት እንኳ ዲዛይን ኢፌክቱ ከ1.8 አይበልጥም። ያ የመጀመሪያ ናሙናችን ለዚህኛው ጥያቄ ከ670 ቤት በላይ ዋጋ ነበረው።