የ22 ሰዓት ትምህርት በ72 ሰዓት ዋጋ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ የግል ማሠልጠኛ ገብቼ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሥራ ፕሮግራም ልማር ተመዘገብኩ። በራሪ ወረቀታቸው «72 ሰዓት፣ ለአንድ ሰው አንድ ኮምፒውተር» ይላል። 5,400 ብር ከፈልኩ። መመዝገቢያው 200 ብር ለብቻው ነው።

ክፍል ስንገባ አሥራ ስድስት ነን፣ ኮምፒውተሩ አራት። አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ ሦስታችን ከኋላው አንገታችንን እናሰግጋለን። ብዙም ሳይቆይ አስተማሪው ቀረ። «ሰኞ ይመጣል» እየተባልን ስንመላለስ ወር አለፈ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ጸሐፊዋ ላይ መጮህ ነበር። ምስኪን፣ የእሷም ደሞዝ አልተከፈለም ነበር።

ኋላ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ከሚጽፉ አንድ አባት ዘንድ ሄድኩ። ብሶቴን ስዘረግፍ አቋረጡኝ፤ «ልጄ፣ ስድቡን ተይውና ቁጥሩን ንገሪኝ።» ደግነቱ የተማርኩበትን ቀን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበር። 11 ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ 22 ሰዓት። 5,400 ለ72 ሲካፈል ሰዓቱ 75 ብር ነው። የቀረኝ 50 ሰዓት 3,750 ብር ሆነ።

እሳቸው እንደነገሩኝ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1772፣ ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመክሰስ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ስለዚህ ደብዳቤው «በ10 ቀን ውስጥ አስተማሪና ኮምፒውተር አሟልታችሁ ካልቀጠላችሁ ውሉን አፍርሼ 3,750 ብር እጠይቃለሁ» አለ። የደረሰኙንና የበራሪውን ኮፒ አያያዝኩ፤ ዋናው ከእኔ አልወጣም።

ጸሐፊዋ «አለቃ የሉም» ብላ አልቀበል አለች። በማግስቱ ሁለት የክፍል ጓደኞቼን አስከትዬ ሄድኩ። ያኔ ቀን ጽፋ፣ ፈርማ፣ ማኅተም መታ ኮፒዬን መለሰችልኝ።

10 ቀኑ ሲያልፍ ያንን ኮፒ ይዤ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ባለሙያው መጀመሪያ የጠየቀኝ ደረሰኝ ነው። በዳይሬክተሩ የግል ስልክ በቴሌብር የከፈሉት ልጆች ግን ተቸገሩ። ብር መላካቸው ይታያል፣ ለምን እንደሆነ አይታይም።

በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ ደወለ። «እህቴ፣ በእኛ በኩል መጨረስ ስንችል ምን እዚያ አደረሰሽ?» ቀጣዩን ዙር በነፃ ተማሪ አለኝ፤ እምቢ አልኩ። ቢሮው ስሄድ «ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት አቀረበልኝ፤ ብሩ ዓርብ ይገባል ተባልኩ። «ብሩ ሲገባ እፈርማለሁ» ብዬ ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ተባብለን ቆየን። በኋላ ስልኬ ጮኸ፣ 3,750 ገባ፣ ፈረምኩ።

200 ብሩን ተውኩት። ለ22ቱ ሰዓት ሙሉ ዋጋ መቁጠሬ ግን ዛሬም ይቆረቁረኛል፤ አብዛኛውን ያሳለፍኩት በሰው ትከሻ ላይ አሻግሬ እያየሁ ነው።