ደብረ ብርሃን ላይ ዓሣ ስገዛ

ከአዲስ አበባ በሰንዳፋና በሸኖ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው የገብስ ማሳና የበግ መንጋ ስለሆነ፣ ዓሣ እገዛለሁ ብሎ አያስብም። ሆኖም በጾም ወቅት ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ስላሉ ከተማዋ ውስጥ ፈላጊው አይጠፋም። የሚሸጠው ዓሣ በአብዛኛው ከዝዋይ፣ ከጣና ወይም ከሌላ ሐይቅ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚጠየቀው ዓሣው ዛሬ ተጠምዶ እንደሆነ ሳይሆን፣ ከተጠመደ ወዲህ በረዶ ውስጥ ቆይቷል ወይስ ያለ በረዶ ውሏል የሚለው ነው። ሐይቅ ዳር በሞቃት አየር ያለ በረዶ የዋለ ዓሣ በአንድ ቀን ውስጥ ሊበላሽ ሲችል፣ ወዲያው በረዶ የገባ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ግን ከሳምንት በላይ ጥሩ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

የገባሁበት ሱቅ ውስጥ ቆሮሶዎቹ በረዶ ሳይደረግባቸው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ሻጩ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ይህ ብርድ እያለ በረዶ ምን ያደርጋል?» አለኝ። የደብረ ብርሃን ጠዋት በእርግጥ ያንቀጠቅጣል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና። ነገር ግን ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ጠረጴዛ ላይ ያለ ዓሣ መሞቁ አይቀርም፤ ብርዱ በረዶን አይተካም። ከዚህም በላይ ብርዱ ገዢውን የሚያታልልበት መንገድ አለው፤ የቀዘቀዘ ዓሣ ሽታው ስለማይወጣ፣ ያረጀውም ቢሆን ጠረጴዛው አጠገብ ለቆመ ሰው ምንም አይሸትም።

«ወንድሜ፣ እስቲ ስንጥቡን ክፈትልኝ» አልኩት፤ ስንጥብ ማለት ዓሣው የሚተነፍስበት አካል ነው። የመጀመሪያው ቆሮሶ ዓይኑ ወጣ ያለ ነው፤ ብሌኑም ጥቁርና ጥርት ያለ ነው። ስንጥቡ ደማቅ ቀይ ሲሆን የሸፈነው ልጋግ እንደ እንቁላል ውኃ የጠራ ነበር። ሁለተኛው ዓይኑ ሰርጎ ነጣ ብሏል፤ ስንጥቡ ወደ ቡናማ ተለውጧል፤ ልጋጉም ደፍርሶ ጣት ላይ ይጣበቃል። እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ሦስተኛው ነበር፤ ዓይኑ ደመና የለበሰ ቢመስልም ስንጥቡ ቀይ ነው። በረዶ ዓይኑን በቀጥታ የነካው ዓሣ ትኩስ ሆኖ ሳለ ዓይኑ ሊደበዝዝ ስለሚችል፣ ሁለቱ ምልክቶች ሲጣሉ ስንጥቡን አምናለሁ። ስንጥቡ አስቀድሞ ተቆርጦ የወጣ ዓሣ ሲቀርብልኝ ግን፣ ሻጩ ለንጽሕና ነው ቢለኝም፣ እተወዋለሁ።

ስንጥብም ሊታጠብ ስለሚችል በዓይን ብቻ አልወሰንኩም። ሌባ ጣቴን ስንጥቡ ውስጥ አስገብቼ ካወጣሁ በኋላ፣ ልጋጉን በአውራ ጣቴ እያሸሁ እስኪሞቅ ጠብቄ አሸተትሁት፤ ብርድ የደበቀው ሽታ የሚወጣው ያኔ ነው። ሦስተኛው የሐይቅ ጭቃና አልጌ ይሸት ነበር። ይህን ብዙ ሰው ብልሽት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዓሣው ከኖረበት ውኃ የሚመጣ ስለሆነ በሕይወት ካለ ዓሣም አይጠፋም። የሁለተኛው ሽታ ግን ኮምጠጥ ያለና የበሰበሰ ጎመን የሚያስታውስ ነበር። በመጨረሻ የሦስተኛውን ጀርባ በጣቴ ስጫነው ሥጋው ወዲያው ተመለሰ፤ ሆዱም አልላላም፣ አልተቀደደምም። የሆድ ዕቃው ሳይወጣ የሰነበተ ዓሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚላላው ሆዱ ነው። አንደኛውንና ሦስተኛውን ገዛሁና የሆድ ዕቃቸው እዚያው እንዲወጣ አደረግሁ።

ከዚያ በጣርማ በር ዋሻ አልፌ በደብረ ሲና ቁልቁለት ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድሁ፤ እዚያ ሙቀቱ ሽታን ስለማይደብቅ አፍንጫ ያለ ብዙ ድካም ይፈርዳል። ያገኘሁት ዓሣ ግን ፊሌቶ ብቻ ነበር። ፊሌቶ ሲሆን ዓይኑም ስንጥቡም ስለሌሉ ምስክር የሚሆነው ሥጋው ራሱ ነው። ጥሩው ነጣ ብሎ የሚያበራ ሲሆን በመሐሉ የሚያልፈው የደም መስመር ቀይ ነው፤ ሲያረጅ መስመሩ ይጠቁራል፤ ጠርዙም ቢጫ ይሆናል። ያየሁት ፊሌቶ ሳህኑ ላይ ነጭ ውኃ አቁሮ ነበር፤ ስጫነውም ጉድጓዱ አልሞላም፤ የሥጋው ንብርብርም ተለያይቷል። ይህ በረዶ ሆኖ ከቀለጠ በኋላ የቆየ፣ ምናልባትም ቀልጦ እንደገና በረዶ የተደረገ ሥጋ ምልክት ነው። ሻጯን፣ «እህቴ፣ ያልተከፈተ ሙሉ ዓሣ ካለሽ ፊቴ ፊሌቶ አውጪልኝ» ብያት የለም ስላለችኝ ሳልገዛ ወጣሁ።