ካንድሉ ገና አልዘጋም ነበር

መጋቢት 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ወረርሽኝ ብሎ ካወጀ ገና በማግስቱ። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ቢሮ እሠራ ነበር። ውጭ አገር ላሉ ደንበኞች በየማታው የክሪፕቶ ገበያ ማጠቃለያ እናዘጋጃለን። ጀማሪዎቹ ይጽፋሉ፣ እኔ አርማለሁ።

ቢትኮይን ቀኑን የጀመረው 7,930 ዶላር አካባቢ ነበር። ከምሳ ሰዓት በኋላ በአንዴ ተናደ። ከ6,000 በታች ወርዶ፣ ትንሽ ተንገዳግዶ፣ ከ6,000 በላይ ተመለሰ። ወደ 11 ሰዓት ገደማ በቅርቡ የተቀጠረች አንዲት ልጅ ላፕቶፕዋን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይቺን ዊክ ይዩልኝ። ገዢዎች ገብተዋል። ማጠቃለያውን በዚህ ልጀምረው?»

የቀኑን ካንድል፣ ማለትም የዕለቱን የዋጋ ጉዞ በቻርት ላይ በአንድ ምልክት የሚያሳየውን ምስል፣ ከፍታ ይዛለች። እውነትም ከታች በኩል ዊክ አለው። ልጅቷ ትምህርቷን በደንብ ይዛለች። ቦዲው ማለት ዋጋው በከፈተበትና በዘጋበት መካከል ያለው ርቀት ነው። ከላይና ከታች የሚወጡት ቀጫጭን መስመሮች ማለትም ዊኮቹ ደግሞ ዋጋው ደርሶባቸው ያልቆየባቸው ቦታዎች ናቸው። የታች ዊክ ካለ፣ ሻጭ እዚያ ድረስ ገፍቶ ነበር፣ ግን የሆነ ሰው ገዝቶ መለሰው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ታውቃለች።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚዘጋው?» አልኳት።

ዝም አለች። በብዙዎቹ የክሪፕቶ ገበያዎች የቀን ካንድል የሚዘጋው በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ገና አሥር ሰዓት ይቀረዋል። የአክሲዮን ገበያ ማታ ደወል ተደውሎ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ክሪፕቶ ግን ሌሊቱንም፣ ቅዳሜና እሁድንም ይገበያያል። ስለዚህ ያልዘጋ ካንድል ላይ ያለ ዊክ ገና ቦታውን አልያዘም። ዋጋው እንደገና ከወረደ ያ ዊክ ተመልሶ ቦዲ ይሆናል። መጀመሪያ የገዢ ምልክት መስሎ የታየሽ መስመር፣ ከሰዓታት በኋላ የሻጭ ድል ሆኖ ሊጻፍ ይችላል።

ሌላም ነገር ነበረ። መጠኑን እንድትለካው ጠየቅኳት። ዋጋው በዚያ ሰዓት 6,100 አካባቢ ነው እንበል፣ ዝቅተኛው ደግሞ 5,600 አካባቢ። ዊኩ 500 ዶላር ያህል ነው። ዋጋው ከመክፈቻው በታች ስለሆነ ቀይ የሆነው ቦዲ ግን ከ7,930 እስከ 6,100፣ ከ1,800 ዶላር በላይ። ገዢ መልሶ የያዘው ሻጭ ከ7,930 እስከ 5,600 ከነጠቀው 2,330 ዶላር ሩቡን እንኳ አይሞላም። ዊክ ብቻውን ሲታይ ረጅም ይመስላል፤ ርዝመቱ ትርጉም የሚያገኘው ከራሱ ካንድል ቦዲና ከጠቅላላ ቁመቱ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ማጠቃለያውን እንዲህ ብላ ላከች፦ «የቀኑ ካንድል አልዘጋም። ከታች ግዢ ታይቷል፣ ነገር ግን እስካሁን ሻጭ ያይላል።» ደንበኞቹ ቁርጥ ያለ ነገር ስለሚወዱ ትንሽ ከፍቷት ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ከዚህ በላይ ማለት የሰው ገንዘብ ላይ መጫወት ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ።

ሌሊት 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሁለተኛው መናድ መጣ። ባይናንስ በተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ቻርት ላይ የሐሙስ ካንድል ሲዘጋ ቁጥሩ ይህ ነው፦ ከፈተ 7,930፣ ከፍተኛ 7,970፣ ዝቅተኛ 4,410፣ ዘጋ 4,800። በሌሎች ገበያዎች ትንሽ ይለያያል።

ዓርብ ጠዋት አብረን ተቀምጠን አሰላነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 3,560 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ ቦዲው 3,130 ይይዛል፣ ወደ 88 በመቶ። የላይኛው ዊክ የለም ቢባል ይቀላል። ገዢ ከመነሻው ጀምሮ ዋጋውን ከፍ ለማድረግ አቅም አላገኘም ማለት ነው። የታችኛው 390 ብቻ ነው። ትናንት ያየናት ዊክ የታለች? ቦዲው ውጧታል። እንዲህ ያለ ካንድል፣ ረጅም ቀይ ቦዲ ይዞ ዝቅተኛው ጫፍ አጠገብ የዘጋ፣ ሻጭ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሲገፋ እንደነበር ይነግርሻል። ታች ለመግዛት ለመቸኮል ምንም ምክንያት አይሰጥም።

ያን ቀን የእኛም አገር የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ተገኘ ተብሎ ተነገረ። ቢሮው በሙሉ ስልኩ ላይ ነበር። ልጅቷ ግን ከቻርቱ አልተነሳችም፤ ለዚህ ነበር የማደንቃት።

የዓርብ ካንድል ሌላ ታሪክ ነበረው። 4,800 ላይ ከፈተ። ንጋት 11 ሰዓት አካባቢ እስከ 3,780 ወረደ። ከዚያ ተመልሶ 5,950 ነካና 5,580 ላይ ዘጋ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 2,170 ነው። የታችኛው ዊክ 1,020፣ አረንጓዴው ቦዲ 780፣ የላይኛው ዊክ 370። የታችኛው ዊክ ለብቻው ከካንድሉ ግማሽ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፣ ከቦዲውም ይበልጣል። ሐሙስ የዘጋው ከታች አሥራ አንድ በመቶው ላይ ነበር። ዓርብ ግን ሰማንያ ሦስት በመቶው ላይ። አሁን ገዢ መለሰ ቢባል ያስኬዳል። የላይኛው ዊክም መረሳት የለበትም፦ ወደ 6,000 ሲጠጋ የሚሸጥ ሰው እየጠበቀ ነበር።

ልጅቷ ቅዳሜ ጠዋት ካንድሉ መዘጋቱን አረጋግጣ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አሁንስ ይጻፍ?»

«ይጻፍ፣ ግን ማን እንደሸጠ ጠይቂ» አልኳት።

ያቺ ሌሊት ብዙው ሽያጭ ፈቅዶ የተሸጠ አልነበረም። ሰዎች ተበድረው ገዝተው ነበር። ዋጋው ሲወርድ መያዣቸው አለቀ፤ ገበያው ራሱ ንብረታቸውን በገዛ እጁ ሸጠባቸው። የአንዱ ሽያጭ ዋጋውን ሲያወርድ የሌላውን መያዣ ያስነካል። እንዲህ እየተጎተተ የሚወርድ ዋጋ፣ የሚሸጥ ሲያልቅ እንደ ተለቀቀ ላስቲክ ይመለሳል። ስለዚህ ረጅሙ ዊክ በከፊል የገዢ ጉልበት ነው፣ በከፊል ደግሞ በግድ የሚሸጥ ሰው ማለቁ ነው። ካንድሉ ሁለቱን አይለይም። አራት ዋጋ ብቻ ነው የሚያሳየው፦ መክፈቻ፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛና መዝጊያ። የትኛው ጫፍ ቀድሞ እንደተነካ እንኳ ለማወቅ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰዓት ጉዞ ወደሚያሳዩት ካንድሎች መውረድ አለብሽ።

ለዚህም ነው ቀጣዩን ካንድል የምንጠብቀው። ገዢ እውነት ከሆነ፣ የዓርብን ከፍታ አልፎ መዝጋት አለበት። አላለፈም። የቅዳሜው ቀይ ሆኖ 5,170 አካባቢ ዘጋ። ሰኞ ደግሞ ከ4,500 በታች ነካ። ግን ወደ 3,780 አልተመለሰም። ልጅቷ የሰኞውን ማጠቃለያ ስትጽፍ አንድም ቃል አልነካሁባትም፦ «የዓርብ ዊክ ዝቅተኛ ጫፍ እስካሁን አልተሰበረም። ገዢ ዋጋውን ከ5,950 በላይ አልወሰደም። በሁለቱ መካከል ነን።»