ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30፦ የኦዲት ቡድን ሳይዝል እንዲዘልቅ ሥራን በግልጽ የማከፋፍልበት መንገድ

የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 የሚዘጋ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብራቸውን የሚያሳውቁት እስከ ጥቅምት 30 ነው። ስለዚህ የኦዲት ቢሮ የሥራ ጫና ከሐምሌ ይጀምርና አራት ወር ከጳጉሜን ጋር ይዘልቃል። ቡድን ስመራ የያዝኩት አሠራር በአንድ ግንዛቤ ላይ የቆመ ነው። ሰውን የሚያዝለው የሰዓቱ ብዛት ብቻ አይደለም። ሥራው መጠኑ ሳይነገር፣ ማንም ደፍሮ «አይበቃንም» ሳይል፣ ሁሉም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ሲከማች ነው ሰው የሚሰበረው። መፍትሔውም ቁጥሩን ሁሉም በሚያየው ቦታ አውጥቶ አስቀድሞ መደራደር ነው።

መጀመሪያ ያለንን ሰዓት እቆጥራለሁ። ስድስት ኦዲተሮች ያሉትን ቡድን እንውሰድ። ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ወደ 18 ሳምንት ነው፤ እንቁጣጣሽን፣ መስቀልንና ሌሎቹን በዓላት ሳወጣ 17 እይዛለሁ። ቢሮው በሳምንት 44 ሰዓት ይሠራል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን። ነገር ግን 44ቱም ለደንበኛ ፋይል አይውልም። በክረምት መንገድ ላይ የሚጠፋው፣ መብራት ሲሄድ የሚቆመው፣ ስብሰባው፣ ጁኒየሩ ሲኒየሩን ጠይቆ መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። እኔ ለፋይል የምይዘው 32 ሰዓት ነው። ስድስት ሰው በ32 ሰዓት በ17 ሳምንት 3,264 ሰዓት ይሆናል።

ቀጥሎ ሥራው ይቆጠራል። 4 ትልልቅ ደንበኞች በ320 ሰዓት፣ 10 መካከለኞች በ140፣ 8 ትንንሾች በ60 ቢገመቱ ድምሩ 3,160 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቢሮ ይቆማል፤ 3,264 ከ3,160 ይበልጣልና «ይበቃናል» ይላል። አይበቃም። የጎደለ ደረሰኝ፣ ያልታረቀ የባንክ ሒሳብ፣ የታመመ ሰው ይመጣል። ለዚህ 15 በመቶ ስጨምር 3,634 ሰዓት ይደርሳል፤ ጉድለቱ 370 ሰዓት ነው። ይህ ቁጥር በሐምሌ ካልተነገረ በጥቅምት ከሰው እንቅልፍ ላይ ይወሰዳል።

ጉድለቱን የምዘጋው በሦስት መንገድ ነው። ከትልልቆቹ ሁለቱ ላይ ለእያንዳንዳቸው 80 ሰዓት የሚሆን ሥራ ዓመቱ ሳይዘጋ፣ በግንቦትና በሰኔ ይሠራል፦ የዘጠኝ ወር ደመወዝ ማስላት፣ የቋሚ ንብረት ጭማሪ፣ የውስጥ ቁጥጥር ፍተሻ፣ ውሎችን ማንበብ። ይህ 160 ሰዓት ነው። ከመካከለኞቹ አንዱ ከግብር ቀኑ ጋር ያልተያያዘ የፕሮጀክት ኦዲት ከሆነ በጽሑፍ ተስማምተን ወደ ኅዳር እናሸጋግረዋለን፤ 140 ሰዓት። የቀረው 70 ገደማ በትርፍ ሰዓት ይሸፈናል፦ ሦስቱ ሰዎች ለሁለት ሳምንት በሳምንት ስድስት ስድስት ሰዓት ይጨምራሉ፣ ከዚያ ያርፉና ሌሎቹ ሦስቱ ለሁለት ሳምንት ይተኳቸዋል። ድምሩ 72 ነው። የተነሱት ሥራዎች ይዘውት የነበረውን 15 በመቶ አልቀንሰውም፤ እሱ ይቅር፣ የሚያስፈልግበት ቀን አይጠፋም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ይወስናል። እኔ ግን ጣሪያውን ዕቅድ አላደርገውም። ዕቅዱ ገና ከጅምሩ 12 ሰዓት ከያዘ፣ ያልታሰበ ነገር በመጣ ቀን የሚጨመርበት ቦታ የለም። የትርፍ ሰዓቱ ሰዓትም ይታሰብበታል። በክረምት ምሽት 2 ሰዓት ላይ ከቢሮ ወጥቶ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው፣ በተለይ ሴት ባልደረባችን፣ በወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት ሠርታ በሰውነቷ ግን አራት ትከፍላለች። ወይ ቢሮው መኪና ያዘጋጃል፣ ወይ ትርፍ ሰዓቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል። በፍልሰታ ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ እስከ ከሰዓት በኋላ ሳይበሉ የሚቆዩ ባልደረቦች አሉ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ማንም ላይ የማታ ሥራ አልመድብም፤ ስሌት የሚበዛበትን ሥራ ጠዋት አደርገዋለሁ።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን ደንበኛው ሰነዱን በጊዜው ካላመጣ ዋጋ የለውም። ዝለት የሚሠራው እዚህ ነው። ነሐሴ ላይ ቡድኑ ሰነድ እየጠበቀ ቀን ይገፋል፤ መስከረም አጋማሽ ላይ ሰባት ደንበኛ በአንድ ጊዜ ካርቶን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሰነድ መግቢያ ቀን ይኖረዋል፦ ለትልልቆቹ ነሐሴ 10፣ ለመካከለኞቹ ነሐሴ 25፣ ለትንንሾቹ መስከረም 10። ደብዳቤው አጭር ነው፦ «የተሟላ ትራያል ባላንስ፣ የሁሉም ባንኮች ማስታረቂያና የዕቃ ቆጠራ ሰነድ እስከ ነሐሴ 25 ከደረሰን ረቂቅ ሪፖርቱን መስከረም 30 እናስረክባለን። ከዚያ በኋላ ከደረሰን በጊዜያቸው ካስገቡት ደንበኞች ቀጥሎ ወረፋ ይያዛል፤ አዲሱን የማስረከቢያ ቀን በጽሑፍ እናሳውቃለን።» «የተሟላ» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው። ግማሽ ፋይል ተቀብሎ መጀመር ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ደብዳቤውን የቡድን መሪው ሳይሆን ፓርትነሩ ይፈርማል። ምክንያቱም ደንበኛው ለፓርትነሩ ስልክ ደውሎ «እባክህ ወንድሜ፣ ለኔ ብለህ» ሲለው፣ የፈረመው ሌላ ሰው ከሆነ ቃሉ ወዲያው ይፈርሳል። ፓርትነሩ ለአንዱ ይሁንታ ሊሰጥ ከፈለገ የማስገድደው አንድ ነገር አለ፦ ሰሌዳው ፊት ቆሞ የትኛው ሥራ ወደ ኋላ እንደሚሄድ ራሱ ይወስን።

ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ነው። በአግድም ሳምንታቱ፣ በቁመት የሰዎቹ ስም፣ በየሳጥኑ የተመደበው ሰዓት። ከ32 በላይ ከሆነ ብርቱካናማ፣ ከ38 በላይ ከሆነ ቀይ። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ቀይ የሆነ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ከ30 በላይ አይመደብለትም። የፓርትነሩና የእኔም ስም እዚያው አለ። ሰሌዳው ግን አንድ አደጋ አለው፦ ፈጣኑን ሰው መቅጫ ይሆናል። ሥራውን ሐሙስ የጨረሰ ሰው ዓርብ የሌላውን ሲጫን ካየ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራውን እስከ ቅዳሜ ይጎትታል። ስለዚህ ቀድሞ የጨረሰ በዚያ ሳምንት አዲስ ፋይል አይሰጠውም፤ ጊዜው የራሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት 20 ደቂቃ እንሰበሰባለን። «እንዴት ናችሁ?» ብዬ ሁኔታ አልለካም፤ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው፣ ሰውየው ሦስት ቀን ባይተኛም። የምጠይቀው ቁጥር ነው፦ ባለፈው ሳምንት ቤት ወስደህ የሠራኸውን ጨምሮ ስንት ሰዓት ሠራህ? የቆመብህ ነገር ምንድን ነው? በዚህ ሳምንት ከተመደበልህ የማይደርሰው የቱ ነው? ሦስተኛው ጥያቄ «የማይደርስ አለ?» ተብሎ አይጠየቅም። እንደዚያ ከተጠየቀ ይሉኝታው «የለም» ያሰኛል። «የቱ ነው?» ሲባል ግን መልሱ እንደ ድክመት አይቆጠርም። መጀመሪያ የምመልሰው እኔ ነኝ። ጁኒየሮቹ በሲኒየሮቻቸው ፊት የማይናገሩት ስለሚኖር በወረቀት ጽፈው ይሰጡኛል።

የተደበቀ ሰዓትም አለ። የደንበኛው ሒሳብ ሠራተኛ ለጁኒየሩ በግል ቴሌግራም ማታ 4 ሰዓት ላይ ፎቶ ይልካል። ይህ በማንም ሰሌዳ ላይ አይገባም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መገናኛ ሰውና አንድ የቢሮ ቁጥር ይሰጣል፤ ከ12 ሰዓት ምሽት በኋላ የመጣ መልእክት በማግስቱ ይመለሳል። ይህም በደብዳቤው ውስጥ ይገባል።

አብዛኛው ቢሮ የሚረሳው ገምጋሚውን ነው። በትልቅ ፋይል 30 ሰዓት፣ በመካከለኛ 12፣ በትንሽ 5 ግምገማ ቢያስፈልግ፣ ወደ ኅዳር የሄደውን ሳይጨምር ድምሩ 268 ሰዓት ነው። ፋይሎቹ ሁለት ሦስተኛው በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ከደረሱት በሳምንት 60 ሰዓት ያህል ግምገማ ብቻ ይሆንበታል፤ ያ ሰው ይወድቃል፣ ቡድኑም እሱን እየጠበቀ ሌሊት ያድራል። ስለዚህ ፋይል በክፍል በክፍል ይገመገማል፦ ባንክና ጥሬ ገንዘብ ሲያልቅ ወዲያው፣ ቋሚ ንብረት ሲያልቅ ወዲያው።

የምጠብቀውንም ነገር ዝቅ አደርጋለሁ፣ ግን እያወቅሁ። የገጽ ማሳመር፣ ከዕቅዱ በላይ ናሙና መጨመር፣ ረጅሙ ማኔጅመንት ሌተር ይቆያሉ። ከባድ የቁጥጥር ጉድለት ከተገኘ በአጭር ደብዳቤ ወዲያው ይነገራል፤ ዝርዝሩ ለኅዳር ይተርፋል። የባንክ ማረጋገጫ፣ የዕቃ ቆጠራ፣ የዓመት መዝጊያ ሽያጭ ፍተሻና የተዛማጅ ወገኖች ግብይት ግን አይነኩም። የማይነካው ተለይቶ ካልተጻፈ የደከመ ሰው የሚቆርጠው በእጁ ያለውን ነው።

ምልክቶቹን ከንግግር ይልቅ በፋይሉ ላይ አያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ 11 በተባለው የበሽታዎች ምደባው ዝለትን ሕመም ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሦስት ገጽታ ይሰጠዋል፦ የጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም ጥላቻ፣ የሥራ ብቃት መውረድ። በኦዲት ፋይል ሦስተኛው መጀመሪያ ይታያል። የአምናው ወርኪንግ ፔፐር ቀኑ ሳይቀየር ተገልብጧል፤ ምልክት ተደርጓል፣ ማስረጃው ግን የለም፤ አንድ ወረቀት ከግምገማ ሦስቴ ተመልሷል። የወትሮው ጥንቁቅ ሰው ይህን ካሳየ አልቆጣውም፤ በዚያው ቀን ሰሌዳውን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ቀይ ነው። አንድ እሑድ ማረፍ ድካምን ይመልሳል፣ ዝለትን ግን አይመልስም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጫናው ከ30 ሰዓት በታች ይወርዳል፣ የያዘው ከባድ ደንበኛም ይቀየራል። እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ከሥራ ውጭም ከተከተለው ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ የሕመም ፈቃዱም ያለ ጥያቄ ይፈረማል።

የዓመት ፈቃድ ቀኖቹም በሐምሌ ይጻፋሉ። ከኅዳር 1 ጀምሮ ሁለት ሁለት ሰው እየተፈራረቀ ይወጣል፤ ተራው የሚጀምረው በሰሌዳው ላይ ብዙ ቀይ ሳጥን ካለው ነው። ወደ ኅዳር ያሸጋገርነው የፕሮጀክት ኦዲት ለሚቀሩት አራት ሰዎች እንዲበቃ ሆኖ ይመደባል፤ ካልበቃም የሥራው ቀን ይገፋል እንጂ የማንም ፈቃድ አይነሳም።