ስም ዝርዝር የሌለው መዋጮ

የክፍላችን አንጋፋ ሠራተኛ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ለስጦታ የሚሆን መዋጮ እንድሰበስብ ተጠየቅኩ። እሺ ያልኩት ስም፣ የገንዘብ መጠንና ፊርማ የሚሞላበት ወረቀት እንደማይዞር ከተስማማን በኋላ ነው። በወረቀቱ አናት ላይ አንዱ ከፍ ያለ ገንዘብ ከጻፈ፣ ከሥር ያለው ዝቅ አድርጎ መጻፍ ያሳፍረዋል።

የላክሁት መልእክት ይህ ነበር፦

«እትዬ በዚህ ወር መጨረሻ ጡረታ ስለሚወጡ ስጦታ ልንገዛላቸው አስበናል። ማዋጣት የሚፈልግ የፈለገውን ያህል በፖስታ አሽጎ ጠረጴዛዬ አጠገብ ካለው ሳጥን ይክተት። ስም አይጻፍም። ሳጥኑ ሐሙስ ከሰዓት ይከፈታል። የመልካም ምኞት ካርዱ ለብቻው ይዞራል፤ ያዋጣም ያላዋጣም ይፈርምበታል።»

«የአቅማችሁን» የሚለውን ሆን ብዬ ተውኩት። ትሕትና ይመስላል እንጂ፣ ትንሽ የሰጠውን ሰው አቅምህ ይህን ያህል ነው እንደማለት ነው። ካርዱን ከሳጥኑ የለየሁትም አብረው ከዞሩ ፊርማው የክፍያ ማረጋገጫ ስለሚሆን ነው፤ ያላዋጣ ሰው ስንብት መጻፍም ይተዋል።

ማስታወሻ የላክሁት አንዴ ብቻ፣ ለሁሉም ነው፦ «ሳጥኑ ነገ ይከፈታል።» «እስካሁን ያላዋጣችሁ» ብል ኖሮ ጣት መቀሰር ይሆን ነበር። ለየብቻ ማስታወስም አልፈለግሁም። አለቃችን ሳጥኑን ይዘው እየዞሩ ሊያግዙኝ ቢሉም፣ በአክብሮት አይሆንም አልኳቸው፤ የሥራ ግምገማ የሚሞላልህ ሰው ፊትህ ቆሞ ሳጥን ሲዘረጋልህ «ፈቃደኛ» የሚባል ነገር የለም።

«ሌሎቹ ስንት ስንት አደረጉ?» ብሎ የጠየቀኝ አልጠፋም። «ታሽጎ ነው የሚገባው፣ አላየሁም» አልኩት፤ እውነትም አላየሁም። ገንዘቡን በስልክ መላክ ለፈለጉት ግን ስማቸውና መጠኑ ለእኔ እንደሚታየኝ አስቀድሜ ነገርኳቸው።

ሐሙስ ሳጥኑን ከሌላ ባልደረባ ጋር ከፍተን ቆጠርን። ለሁሉም ያሳወቅነው ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ነው። ስጦታው የተመረጠውም ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ዕቃ ከተመረጠ የጎደለውን ለመሙላት ሰብሳቢው እንደገና ሰው ደጅ ይቆማል፤ ያኔ ጫናው ይጀምራል። የተረፈችውን ገንዘብ ከካርዱ ጋር አደረግናት፣ ደረሰኙንም መጠየቅ ለሚፈልግ አስቀመጥኩ።

በኋላ አንዲት ባልደረባችን ስትወልድ ይህንኑ መልእክት ተጠቀምኩ። አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ፦ ስለ መዋጮው ማንንም በአካል አላናገርኩም። ልጅ ያጣ ወይም ለመውለድ ሲጠባበቅ የኖረ ሰው በመሃላችን ሊኖር ይችላል፤ መልእክቱን አንብቦ ዝም ማለት ከፈለገ፣ ምክንያት ስጠኝ የሚለው ሰው ሊኖር አይገባም።