ስድስት ሚሊሜትር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል። መብራት ሄዶ ቬንትሌተሩ ሲቆም ቤት ውስጥ መተኛት ስላልቻልኩ ፍራሼን በረንዳ ላይ አወጣሁ። ስለ ሙቀቱ ልጽፍ ነበር የተነሳሁት፤ የሰሞኑ የድሬ ሌሊት ብቻውን አንድ ገጽ ይሞላል። ግን ከአጥሩ ወዲያ ጋሼ ሳሉ። ሦስት አራት ጊዜ የሚደጋገም ደረቅ ሳል፣ ከዚያ ጸጥታ። እሳቸውም አልተኙም ማለት ነው።

እሑድ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ ማክሰኞ ብሮንኮስኮፒ አላቸው፤ በቀጭን ቱቦ የሳንባን የአየር ቧንቧ ከውስጥ የሚያይ ምርመራ ነው። ትናንት አስር ሰዓት ላይ ሽርጣቸውን አገልድመው መጡና ወንበሩን ወደኔ ስበው ተቀመጡ። «አንቺ እዚያ ክፍል ውስጥ ሠርተሻል። ሳታሳምሪ ንገሪኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያው፣ «ቱቦው ጉሮሮዬ ውስጥ ካለ በምን ልተነፍስ ነው?» አሉ።

ስድስት ዓመት እዚያ ክፍል ስሠራ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ቱቦው ከእርሳስ ይቀጥናል፣ ውፍረቱ ስድስት ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የትልቅ ሰው ዋናው የአየር ቧንቧ ደግሞ ወደ ሁለት ሳንቲሜትር ይሰፋል፣ አየሩ በዙሪያው ያልፋል አልኳቸው። ምንም አልመለሱም። ተነስተው ቤታቸው ሄዱና የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሳሉ የሚሠሩበትን ካሊፐር ይዘው ተመለሱ። መጀመሪያ በስድስት ሚሊሜትር ከፈቱት፣ ቀጥለው በሃያ። ክፍተቱን ወደ ብርሃኑ አንስተው በአንድ ዓይናቸው ብዙ ቆይተው አዩበት። «ያልፋል» አሉ።

ልኬቱ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሰው የሚደነግጠው ቱቦው ሳይገባ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮ ላይ ማደንዘዣ ይረጫል፣ በጣም ይመራል። በደቂቃዎች ውስጥ ምላስ የወፈረ ይመስላል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅታል፣ ሰውየው ታነቅኩ ይላል። አንዲት እናት በዚያች ሰዓት የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫቸው ነቅለው ከአልጋው ሊወርዱ ሲሉ ይዣቸዋለሁ። ጣታቸው ላይ የተቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ግን 97 ነበር የሚያሳየው። የጠፋው ስሜቱ ነው፣ አየሩ አልተዘጋም። እንዲህ እንደሚሆን ማንም ቀድሞ አልነገራቸውም። ለጋሼ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው፤ ምራቁን አይዋጡት፣ በጉንጭዎ ይፍሰስ፣ በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። ቱቦው በድምፅ አውታሮችዎ መሃል ስለሚያልፍ መናገር አይችሉም፣ ከፈለጉን እጅዎን ያንሱ። እዚያ ሲደርስ ያስልዎታል፤ ሐኪሙ በቱቦው በኩል ማደንዘዣ ሲጨምር ሳሉ ይበርዳል።

ሁለተኛው ፍርሃታቸው አለመንቃት ነበር። ወንድማቸው ከቀዶ ጥገና አልተነሳም። ይህ እንደዚያ ያለ ሙሉ ማደንዘዣ አይደለም አልኳቸው። በደም ሥር የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ ሚዳዞላም የሚባለው። በትንሹ ተሰጥቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ካስፈለገ ጥቂት ይጨመራል፤ በሳቸው ዕድሜ ደግሞ መጠኑ ይቀነሳል። ያንቀላፋሉ፣ ሲጠሯቸው ይሰማሉ፣ የሚተነፍሱትም ራሳቸው ናቸው። ብዙ ሰው በኋላ አያስታውሰውም። ኦክስጅናቸው ከ90 ከወረደ ይጨመርላቸዋል፣ ካልተስተካከለ ሐኪሙ ቱቦውን ያወጣል። መድኃኒቱ ከበዛባቸውም ማፍረሻ አለው። ጠዋት ጫት የለም አልኳቸው፣ ልብ ያስሮጣል። ይህን ሲሰሙ ትንሽ ከፋቸው።

ምግቡን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ያቆማሉ። የደነዘዘ ጉሮሮ በሩን የሚዘጋ ዘበኛ የለውም፣ ከሆድ የተመለሰ ነገር በቀጥታ ሳንባ ይገባል። ከምርመራው በኋላም ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ውሃም ቢሆን አይቀምሱም። ልጃቸው እናቱ የላከችውን ፔርሙስ ሻይ ይዞ በር ላይ እንደሚጠብቅ ስለማውቅ ለእሱም ደውዬ ነገርኩት።

ቀጠሮው መጀመሪያ ባለፈው ሳምንት ነበር። ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ። ወረቀቶቻቸውን ሳይ በላስቲክ ውስጥ ክሎፒዶግሬል አገኘሁ፣ የልባቸው ሥር ከተከፈተ ጀምሮ የሚወስዱት። ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ከሳንባ ለምርመራ ቁራሽ ሲወሰድ ደሙ አልቆምም ይላል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ቀድሞ መቆም አለበት። ማንም አልጠየቃቸውም። እሳቸው ደግሞ «ስለ ሳንባዬ ነው የጠየቁኝ፣ የልቤን ለምን ልንገራቸው?» አሉኝ። በራስ ማቆምም አደጋ ነው፣ የተከፈተው ሥር ሊዘጋ ይችላል። የልብ ሐኪማቸው ዘንድ ደወልን። ሥሩ ከተከፈተ ሁለት ዓመት ስላለፈው ክሎፒዶግሬሉን አቁመው አስፕሪኑን እንዲቀጥሉ ፈቀደ።

ይህን ሁሉ ሳወራ ደህና ነበርኩ። «እሺ፣ ገብተው የሚፈልጉት ምንድን ነው?» እስኪሉኝ ድረስ።

ሐዲዱን ተከትለው ይወርዳሉ አልኳቸው። ዋናው መስመር ለሁለት የሚከፈልበትን ያያሉ፣ ቀኝና ግራውን በየቅርንጫፉ ይፈትሻሉ፤ የቆሰለ፣ የጠበበ፣ መግል ያለበት፣ በስህተት የገባ ነገር ካለ። ከዚያ የጨው ውሃ በሲሪንጅ እያስገቡ መልሰው ይስባሉ፣ በጠቅላላው መቶ ሚሊሊትር ወይም ከዚያ በላይ። በአክታ ያልተገኘ ቲቢ በዚህ እጣቢ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የሳቸው አክታ ሁለት ጊዜ ነጻ ነው የተባለው። ቱቦው እስከ ሳንባ ዳር ስለማይደርስ ምንም ሳያገኙ መመለስም እንዳለ ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ በትንሽ መቆንጠጫ የሩዝ ፍሬ የማያህሉ ቁራሾች ይወስዳሉ፣ አያምም፤ ለአንድ ሁለት ቀን በአክታ ላይ የደም ክር ቢያዩ አይደንግጡ፣ ጥርት ያለ ደም በማንኪያ የሚለካ ከሆነ ወይም ደረትዎን ድንገት ወግቶ ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ሳያድሩ ይመለሱ አልኳቸው።

«ቁራሹ ለምን?»

«በማይክሮስኮፕ ሊያዩት።»

ውሸት አይደለም። ቲቢም በቁራሽ ይታያል። የሲቲ ስካኑን ወረቀት ግን አንብቤዋለሁ፤ በቀኝ ሳንባቸው የላይኛው ክፍል ላይ ስላለው ዕጢ ነው የሚያወራው። አራት ወር የሳሉ፣ በአክታቸው ደም ያዩ፣ አርባ ዓመት ያጨሱ ሰው ናቸው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ልጃቸው ደግሞ፣ «እህቴ፣ ስሙን እንዳትጠሪባቸው፣ ይወድቃሉ» ብሎ ለምኖኛል።

ጋሼ ካሊፐሩን ሲዘጉ ሲከፍቱ ቆዩ። «እኛም ከአክስል ላይ ቁራሽ እንወስድ ነበር» አሉ። «የሚወሰደው የተጠረጠረው ነው።» ከዚያ ሻዩን አመስግነው ወጡ።

ማክሰኞ ጠዋት ከመፈረማቸው በፊት ሐኪሙ ይነግራቸዋል፣ መንገርም አለበት። በማያውቁት ከተማ፣ ባዶ ሆዳቸውን፣ ከማያውቁት ሰው አፍ ይሰሙታል። ወይስ ትናንት ካሊፐሩን ሲዘጉ አውቀውት ነበር፣ እኔ እስክናገር ነው የጠበቁት?

አሁንም ሳሉ። ጠረጴዛዬ ላይ ረስተውት የሄዱትን ካሊፐር ጠዋት መመለስ አለብኝ። በር ላይ ሰጥቼ ልመለስ ወይስ ልቀመጥ?