«ስድስት ወር ይጠብቁ» ያልኩ ቀን

ጋሼ ባዩኝ ቁጥር ጣታቸውን ያነሳሉ። ሰላምታ እንዳይመስላችሁ፣ የክትፎ ቆጠራ ነው። አሁን አምስት ላይ ደርሰናል።

ነገሩ የጀመረው ቨርጂኒያ ውስጥ የሞርጌጅ ኩባንያ ሎን ኦፊሰር ሳለሁ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ 2021፣ የደስታ ዘመን። ጃንዋሪ ላይ የ30 ዓመት ቋሚ ብድር አማካይ ወለድ 2.65 በመቶ ወርዶ ነበር። መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ እንዲያ ወርዶ አያውቅም። ሰዉ የድሮ ብድሩን በርካሽ ወለድ ለመቀየር፣ ሪፋይናንስ ለማድረግ ይጋፋል፣ እኛም ምሳ የምንበላው ኮምፒውተር ላይ ተደፍተን ነው። አለቃችን የራሱን ቤት በ2.75 አድርጎ ቁጥሩን እንደ ልጅ ፎቶ ያሳየን ነበር።

ጋሼ እንጀራና ቅመም የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ቤት ግን ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ዲሴምበር ላይ «ይህን ያህል ልናበድርዎ እንችላለን» የሚለውን ፕሪአፕሩቫል ሠራሁላቸው። ለ400 ሺህ ዶላር ብድር፣ ወለዱ ከ3 በመቶ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በወር 1,700 ዶላር ገደማ። ኢንሹራንስና ታክስ ሳይጨመር ማለቴ ነው። ቤት ፍለጋው ተጓተተ። ሦስት ጊዜ ዋጋ አቀረቡ፣ ሦስቴም ካሽ የያዘ ሰው ቀደማቸው።

በመጨረሻ አንድ ባለቤት እሺ አላቸው። ሜይ 2022 መሆኑ ነው። ወረቀቱን ይዘው መጡ፣ እኔም ሬቱን አየሁና ዝም አልኩ። 5.25። ወርሃዊው ክፍያ ወደ 2,200 ወጥቷል። (እኛ አበሾች «ሬት» ስንል ፈረንጁ የማያውቀው ምሬት አለበት።)

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ የቀረውን ጥያቄ ያኔ ጠየቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዜና እሰማለሁ እኮ። ማዕከላዊ ባንኩ ፌዴራል ሪዘርቭ ወለዱን በማርች ሩብ ነጥብ ጨመረ፣ አሁን ግማሽ ጨመረ። ተደምሮ ሦስት ሩብ ነው። የእኔ እንዴት ብሎ ከሁለት በላይ ጨመረ?»

ከአሥር ዓመት የቢሮ ስብሰባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። መልሱን አውቀው ነበር፣ ለሰው በአማርኛ አስረድቼው ግን አላውቅም።

«ጋሼ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ የሚወስነው ባንኮች ለአንድ ሌሊት እርስ በርስ የሚበዳደሩበትን ወለድ ነው። የእርስዎ ብድር የ30 ዓመት ነው። ለ30 ዓመት ገንዘቡን የሚለቅ ሰው የሚያየው የዛሬውን አይደለም። ወደፊት ስንት ጊዜ ይጨምራሉ ብሎ ይገምትና ከወዲሁ ዋጋው ውስጥ ይከተዋል።»

«ገና ያልሆነውን ነው የሚያስከፍሉኝ?»

«አዎ። በዚያ ላይ ፌዴራል ሪዘርቭ ራሱ የቤት ብድሮች ተጠቅልለው የሚሸጡበት የሞርጌጅ ቦንድ ትልቁ ገዢ ነበር። መግዛቱን በማርች አቆመ። ትልቁ ገዢ ከገበያ ሲወጣ...»

«ሻጭ ይጎዳል፣ ሌላ ገዢ ለመሳብም ወለዱን ከፍ ያደርጋል። ገባኝ፣ ነጋዴ ነኝ።»

እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ያን ሳምንት ግን አለቃችን ስብሰባ ጠርቶ ስለ ሚልተን ፍሪድማን አስተምሮናል። ኢኮኖሚስቱ የወለድ ለውጥ ሥራውን የሚሠራው ረጅምና ተለዋዋጭ በሆነ መዘግየት ነው ይል ነበር። አለቃችን «ተለዋዋጭ» የምትለዋን ዘሎ «ስድስት ወር» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ከየት እንዳመጣው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። እኔም እንደ በቀቀን ደገምኩት።

«ጋሼ፣ ስድስት ወር ይጠብቁ። ወለድ ሲጨምር ገዢ ይሸሻል፣ ገዢ ሲሸሽ የቤት ዋጋ ይወርዳል። ካልወረደ ክትፎ በእኔ።»

ጋሼ ውሉን ተዉት።

አሁን ሳስበው ስህተቴ ቀላል ነበር። ገዢው እንደሚሸሽ አየሁ፣ ሻጩም እንደሚሸሽ አላየሁም። በ3 በመቶ የተበደረ ሰው ቤቱን ቢሸጥ ቀጣዩን የሚገዛው በ6 ወይም በ7 ነው። ስለዚህ አይንቀሳቀስም። የአሜሪካ ሞርጌጅ አብዛኛው ወለዱ ቋሚ ነው፣ ፌዴራል ሪዘርቭ ምንም ቢጨምር የቆየው ተበዳሪ ክፍያ በሳንቲም አይነካም። ያንን ብድር ለሰፈሩ ሁሉ የሠራነው እኛው ነን! በ2021 ያዘጋጀናቸው ፋይሎች በ2022 ገበያውን ቆለፉት። ዋጋው በበጋው ማብቂያ ትንሽ ሸርተት አለና በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ከድሮው በላይ ወጣ።

ፌዴራል ሪዘርቭ ደግሞ አልቆመም። ከጁን እስከ ኖቬምበር አራት ጊዜ በተከታታይ ሦስት ሩብ ሦስት ሩብ ጨመረ። ኦክቶበር ላይ የሞርጌጅ ወለድ 7 በመቶን አለፈ። የጋሼ 400 ሺህ በወር ወደ 2,660 ዶላር ሆነ ማለት ነው።

በዚያው ኦክቶበር ሥራ ቀነሱን። ፊት ለፊት እንኳ አይደለም፣ በቪዲዮ ስብሰባ፣ ማይካችን ከዚያ በኩል ተዘግቶ። አለቃችን ኢኮኖሚው ለመስተካከል ጊዜ እንደሚፈልግና ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ ነገረን። እሱ በ2.75 ቤቱ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው።

ነገሩ የሚያስቀው፣ ወሬው በዚያ ጊዜ ሁሉ «ፖሊሲው ገና አልሠራም» የሚል ነበር። በአገሪቱ ሥራ አጥነት ጃንዋሪ 2023 ላይ 3.4 በመቶ ነው፣ ከ1969 ወዲህ ዝቅተኛው። ምግብ ቤቱ ሠራተኛ አጥቶ ይጮኻል። ሪፋይናንስ ላይ ለሠራን ሰዎች ግን መዘግየት የሚባል ነገር አልነበረም። የእኛ ደንበኛ የጠፋው የመጀመሪያው ጭማሪ ከመታወጁ በፊት ነው፣ ልክ ገበያው መገመት ሲጀምር። «አማካይ መዘግየት» የሚባለው ከእኔ ዓይነቱና ምንም ካልነካው ሰው ተደባልቆ የወጣ ቁጥር ነው።

ጋሼ ሥራ ማጣቴን ሰምተው ደወሉ። ማዘናቸውን ነገሩኝ። ቀጥለውም፣

«የወለዱ ነገር የቤቱን ዋጋ ሳይሆን አንተን ነው ያወረደው» አሉ።

ኖቬምበር ላይ የመጀመሪያውን ክትፎ ገዛሁ። ብድግ ሲሉ «ሌላ ስድስት ወር ይጨመርልህ» አሉኝ። ውርርዱ እንዲህ ሆኖ ነው እስከ ዛሬ የቀጠለው።

ሁለተኛውን ስንበላ (ሜይ 2023) ጋሼ ወረቀት ይዘው መጡ። የሱቁ ብድር ነው። የመንግሥት ዋስትና ያለው የንግድ ብድር ሲሆን ወለዱ ተለዋዋጭ ነው፣ ፕራይም ሲደመር 2.75። ፕራይም ደግሞ የፌዴራል ሪዘርቭን ወለድ በ3 ነጥብ ከፍ ብሎ የሚከተል የባንኮች መነሻ ነው፣ ፈጽሞ አይለየውም። በየሦስት ወሩ ይስተካከላል። ከ6 በመቶ ተነስቶ ከ10 በላይ ገብቷል።

«ይኸኛው ሰዓቱን አክባሪ ነው» አሉ፣ ወረቀቱን በጣታቸው እየመቱ።

ስለዚህ ምን አደረጉ? ሁለተኛ ማቀዝቀዣ ለመግዛት አስበው ነበር፣ ተዉት። በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣውን ልጅ ወደ አንድ ቀን ቀነሱት። ማዕከላዊ ባንክ ኢኮኖሚን የሚያቀዘቅዘው እንዲህ ነው፣ ያልተገዛ ማቀዝቀዣ በየሱቁ ሲደማመር። ወለዱ ሱቁ ለመድረስ ሦስት ወር ይፈጅበታል። ጋሼ «እስኪ ልየው» ብለው ደግሞ ሁለት ሩብ ዓመት ታገሡ። ማቀዝቀዣ ሻጩ ገበያው መቀዝቀዙን አውቆ ዋጋ እስኪቀንስ ሌላ ጊዜ። ልጁ ደግሞ ወጪውን እስኪቆጥብ ሌላ። እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ማመንታት ይጨምርበታል።

የቤት ኪራያቸውም በዚያው ሰሞን ተጨመረ። አከራያቸው ከ3 በታች የተበደረ ሰው ነው፣ ወጪው አልተነካም። ግን ገበያው ይፈቅድለታል፣ ምክንያቱም እንደ ጋሼ ያለው ገዢ ሁሉ ተከራይ ሆኖ ቀርቷል። ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ታዲያ የዋጋ ንረት ቀነሰ የሚሉት የማን ነው?»

ይኸም ጥሩ ጥያቄ ነው። ንረቱ በእርግጥ ወርዶ ነበር። ጁን 2022 ላይ 9.1 በመቶ የነበረው በዓመቱ 3 ሆኗል። ንረት ወረደ ማለት ግን ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፣ መጨመሩ ዘገየ ማለት ነው። ኪራይ ደግሞ በመለኪያው ውስጥ ከሁሉ ዘግይቶ ነው የሚታየው። አዲስ ተከራይ የሚፈርምበት ዋጋ ቀደም ብሎ ረግቷል፣ መንግሥት የሚለካው ግን የነባሩንም ተከራይ ጭምር ነው፣ የነባሩ ውል ደግሞ የሚታደሰው በዓመት አንዴ ነው። ጋሼ የከፈሉት ጭማሪ ያለፈው ዓመት ትኩሳት ነው፣ እሳቸው ጋ የደረሰው ዘንድሮ።

ሦስተኛና አራተኛውን ክትፎ በዝምታ በላን ማለት ይቻላል። የፌዴራል ሪዘርቭ ወለድ 5.25–5.50 ላይ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ተገትሮ ነበር፣ ሞርጌጅም በዚያው ኦክቶበር 8 በመቶን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እኔም በዚህ መሃል ሌላ ቦታ፣ በትንሽ የቁጠባና ብድር ተቋም ሥራ አግኝቻለሁ።

ሴፕቴምበር 2024 ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው፣ ዜና ከፍተው።

«ቀነሰ! ግማሽ ሙሉ ቀነሰ! አሁንስ?»

ኮምፒውተሬን አየሁ። የ30 ዓመት ሞርጌጅ 6.1 አካባቢ ነበር። ገበያው ቅነሳውን ከወራት በፊት ገምቶ ውጦታል። «ጋሼ፣ ቀድሞ ወርዷል፣ ትንሽ እንይ» አልኩ። የሚቀጥለውን ግን አልገመትኩም። ከኢኮኖሚው ጠንካራ ቁጥር ሲመጣ ገበያው «እንዳሰብነው ብዙ አይቀንሱም» ብሎ ሐሳቡን ቀየረ። ኦክቶበር ሲያልቅ ሞርጌጅ 6.7 ገባ። ፌዴራል ሪዘርቭ ቀንሶ፣ የጋሼ ቤት ጨመረ።

አምስተኛው ክትፎ የዚያ ነው።

ጃንዋሪ 2025 ላይ የሱቃቸውን ብድር ወረቀት ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። ፌዴራል ሪዘርቭ በሴፕቴምበር፣ በኖቬምበርና በዲሴምበር የቀነሰው ተደምሮ አንድ ሙሉ ነጥብ ነው፣ ያቺ አንድ ነጥብ በሦስት ወሯ ሳታዛንፍ ከች ብላለች። ቅዳሜ ሱቁ ጎራ ስል ማቀዝቀዣ ሊያዙ ካታሎግ ያገላብጣሉ።

«ይቺ ደረሰች» አሉ። «ያኛውስ? የቤቱ? ስንት ወር ትላለህ?»

«ጋሼ፣ የሚቀጥለው ክትፎ ጥሬ ይሁን ለብ ለብ?»